ማጭድ፣ ስባሪ እና ቀለበት፦ አንድን የደም ስሚር እንዴት እናንብብ?

ማጭድ ሴል፣ የተሰባበረ ቀይ ሴል እና የወባ ፓራሳይት ለየብቻቸው ጥርት ብለው ሲታዩ ብዙም አያስቸግሩም። የሚያስቸግሩት አንዱ የሌላውን መልክ ይዞ ሲመጣ ነው። ፋልሲፓረም የተባለው የወባ ፓራሳይት የሚይዘው ጨረቃ መሰል ቅርጽ፣ ጋሜቶሳይቱ፣ ከሩቅ ማጭድ ሴል ይመስላል። ማጭድ ሴል ሲሰበር የሚተወው ቁራጭ በጥቃቅን የደም ሥሮች ውስጥ ተቆርጦ የመጣ ስባሪ ይመስላል። ቀይ ሴል ላይ ያረፈች ፕላትሌት ደግሞ የወባ ቀለበት ትመስላለች። ስለዚህ እዚህ የምጽፈው በተለይ እነዚህን የሚመሳሰሉትን ስለ መለየት ነው፤ መጨረሻ ላይም ሦስቱም የተገናኙበትን አንድ ስላይድ አብረን እናነባለን።

1. ስላይዱ መነበብ የሚችል ነው ወይ?

ንባቡ የሚጀምረው ማይክሮስኮፕ ላይ ሳይቀመጡ ነው። ስላይዱን ወደ ብርሃን አንሱትና እዩት። ጥሩ ቀጭን ፊልም የአውራ ጣት ቅርጽ አለው፤ ከወፍራሙ ጫፍ ጀምሮ ቀስ እያለ ይሳሳና መጨረሻው እንደ ላባ ጫፍ ይሆናል። ለዚህ ከ2 እስከ 3 ሚሊ ሜትር ስፋት ያላት አንዲት ጠብታ ትበቃለች፤ ማሰራጫው ስላይድ ከ30 እስከ 45 ዲግሪ ዘንበል ብሎ፣ ሳይቆም በአንድ እንቅስቃሴ ይሳባል። ደሙ ኢዲቲኤ ባለው ቱቦ የተቀዳ ከሆነ በሁለት ሰዓት ውስጥ ስሚሩን ሥሩ። ከዚያ በላይ ሲቆይ ቀይ ሴሎቹ ዙሪያቸው እሾህ ያወጣል፣ ፓራሳይቱም ቅርጹን ይቀይራል።

ፊልሙ ቶሎ መድረቅ አለበት፤ ከደረቀ በኋላ ንጹሕ ሜታኖል ውስጥ ይነከራል። ሜታኖሉ ውኃ እንዳይገባበት ተጠንቀቁ። በአንድ የሠራሁበት ላብራቶሪ የሜታኖሉ ጠርሙስ ክዳኑ ሳይጠብቅ ለቀናት ቆይቶ ነበር። የዚያን ቀን ስላይዶች ላይ ቀይ ሴሎቹ ብል የበላው ጨርቅ መስለው፣ በየመሐላቸው የሚያብረቀርቅ ቀዳዳ ይታይ ነበር። ከቀዳዳዎቹ አንዳንዶቹ ጠርዛቸው ጠቆር ያለ ስለሆነ ሁለት ስላይድ "ወባ አለው" ተብሎ ሊወጣ ሲል ነው ያስቆምነው። መለያው ቀላል ነው፦ ፋይን ፎከሱን ትንሽ ወደ ላይና ወደ ታች አዙሩት። ውኃ የተወው ቀዳዳ እንደ መስታወት ብልጭ ይላል፤ ፓራሳይት ግን አያብለጨልጭም።

ቀለሙን በተመለከተ፣ ወባ የሚፈለግ ከሆነ ጊምሳው ፒኤች 7.2 በሆነ በፈር ይበጥበጥ። 10 በመቶ ከሆነ ከ10 እስከ 15 ደቂቃ፣ 3 በመቶ ከሆነ ከ30 እስከ 45 ደቂቃ ይቆያል። በፈሩ አሲድ ከሆነ የፓራሳይቱ ቀይ ነጥብ ይደበዝዛል፤ ቫይቫክስን የምንለይባቸው የሹፍነር ነጠብጣቦችም ይጠፋሉ። ቀለሙ መያዙን ለማወቅ መጀመሪያ ፓራሳይት አትፈልጉ፤ ነጭ ሴል ፈልጉ። የኒውትሮፊሉ ኒውክሊየስ ጥርት ያለ ሐምራዊ ካልሆነ፣ የፓራሳይቱም ክሮማቲን በዚያ ስላይድ ላይ አይታይም። እንዲህ ያለ ስላይድ ላይ "አልተገኘም" ብሎ መጻፍ ለታካሚው አደጋ ስለሆነ እንደገና ቀለም ይነከር ወይም እንደገና ይሠራ።

2. የት ላይ ነው የምናነበው?

በ10 ኦብጀክቲቭ ጀምሩና ፊልሙን በሙሉ ቃኙት፤ የላባውን ጫፍም ጭምር። ፕላትሌቶች ተሰብስበው ረግተው እንደሆነ የሚታየው እዚያ ነው፤ ይህን በኋላ እንፈልገዋለን። ከዚያ በ40 ትክክለኛውን ቦታ አግኙ። ትክክለኛው ቦታ ቀይ ሴሎች ጎን ለጎን ሆነው ለመነካካት ጥቂት የቀራቸው ወይም ገና የተነካኩበት፣ ግን ያልተደራረቡበት ነው። የሴሎቹ መሐል ገረጣ ብሎ መታየት አለበት። ከዚያ ዘይት ጨምራችሁ ወደ 100 ኦብጀክቲቭ እለፉ፤ በሬ እንደሚያርስ ሁሉ አንዱን ፈር ጨርሶ ወደ ቀጣዩ እየተመለሱ ማንበብ ነው፤ እንዲህ ሲሆን አንዱ ፊልድ ሁለት ጊዜ አይቆጠርም።

የቦታ ስሕተት ብዙ የውሸት ማጭድ ያመጣል። አንድ ቀን አንዲት ወጣት ባልደረባዬ "እስቲ ይቺን እይልኝ፣ ማጭድ ሞልቷታል" ብላ ጠራችኝ። አየሁት፤ እውነትም ሴሎቹ ረዝመው ሾለዋል። ግን ጫፎቻቸው ሁሉ፣ ነፋስ እንዳጎነበሰው ስንዴ፣ ወደ አንድ አቅጣጫ ነበር የሚያመለክቱት። የላባው ጫፍ ላይ ነበረች። ስቴጁን ጥቂት ሚሊ ሜትር ወደ ወፍራሙ በኩል ስንመልሰው ሁሉም ክብ ሆኑ። ማሰራጫው እየሳበ ያስረዘማቸው ነበሩ። እውነተኛ ማጭድ ሴሎች አንዱ ወደ ምሥራቅ ሌላው ወደ ደቡብ ያያሉ፤ ቦታ ስትቀይሩም አይጠፉም።

3. ማጭድ ሴል

አሜሪካዊው ሐኪም ጄምስ ሄሪክ እ.ኤ.አ. በ1910 እነዚህን ሴሎች ሲገልጽ ነው የማጭድን ስም ያገኙት፤ ስሙ እስከ ዛሬ ከሚታየው ጋር ይሄዳል። ሴሉ ረጅምና ጎበጥ ያለ ነው፤ ሁለቱም ጫፎች ሾለዋል፤ መሐሉ አይገረጣም፤ ቀለሙ ከዳር እስከ ዳር አንድ ዓይነትና ከሌሎቹ ጠቆር ያለ ነው። ጫፎቹ የሾሉ መሆናቸውን አጥብቃችሁ እዩ። ረዝሞ ጫፉ ክብ የሆነው ኤሊፕቶሳይት እንጂ ማጭድ አይደለም።

ቅርጹ ሲያጠራጥር ጓደኞቹን ፈልጉ። የማጭድ ሴል በሽታ ባለበት ስላይድ ላይ ማጭዶቹ ብቻቸውን አይመጡም። መሐላቸው ላይ ክብ ቀይ ነጥብ ያለባቸው ታርጌት ሴሎች፣ ሰማያዊ ጥላ ያላቸው ገና ከመቅኒ የወጡ ትልልቅ ሴሎች፣ ኒውክሊየሳቸውን ያልጣሉ ቀይ ሴሎች ይኖራሉ። ጣፊያው በተደጋጋሚ ተጎድቶ ሥራውን ስላቆመ ደግሞ የሃዌል ጆሊ ቅሪቶች ይታያሉ፤ እነዚህ ጣፊያ ሊያጸዳቸው ይገባ የነበሩ የኒውክሊየስ ቅሪቶች ናቸው። ከእነዚህ አንዱም ሳይኖር ሁለት ሦስት ሾጣጣ ሴል ብቻ ካያችሁ መጀመሪያ ቦታችሁን ተጠራጠሩ።

ስሚር የማይነግረንንም ማወቅ ያስፈልጋል። የማጭድ ሴል ዘር ከአንድ ወላጁ ብቻ የወረሰ ሰው ስሚሩ ላይ አብዛኛውን ጊዜ አንድም ማጭድ አይታይበትም። ስድስት ወር ያልሞላው ሕፃንም በሽታው እያለበት ስሚሩ ንጹሕ ሊሆን ይችላል፤ የፅንሱ ሄሞግሎቢን ገና ብዙ ስለሆነ ሴሎቹን ከመታጠፍ ይጠብቃቸዋል። ስለዚህ "ማጭድ አልታየም" ማለት "በሽታው የለም" ማለት አይደለም፤ ማጭድ ሲታይም የበሽታውን ዓይነት የሚያረጋግጠው ሄሞግሎቢን ኤሌክትሮፎረሲስ ወይም እሱን የመሰለ ምርመራ ነው። በሟሟት ላይ የተመሠረተው ፈጣን ምርመራ ሄሞግሎቢን ኤስ መኖሩን እንጂ ከአንድ ወላጅ ይሁን ከሁለቱ መወረሱን አይለይም።

አሁን ወደ ጋሜቶሳይቱ። ሻርል ላቬራን እ.ኤ.አ. በ1880 አልጄሪያ ውስጥ የወባን ፓራሳይት በታማሚ ደም ውስጥ ሲያገኝ ካያቸው ቅርጾች አንዱ ይህ ጨረቃ መሰል ቅርጽ ነው። እሱን ያስገረመው ውስጡ ያለው ጥቁር ቅንጣት ነበር፤ እኛም ዛሬ የምንለየው በዚያው ነው። ማጭድ ሴል ውስጡ ባዶ ነው፤ ከሄሞግሎቢን ሌላ የሚታይ ነገር የለውም፤ ቀለሙም እንደ ሌሎቹ ቀይ ሴሎች ሮዝ ነው። ጋሜቶሳይት ግን ሰማያዊ ወይም ሐምራዊ ገላ አለው፤ ወደ መሐሉ ክሮማቲን፣ በዙሪያው ደግሞ ቡናማ የፒግመንት ቅንጣቶች ተሰብስበዋል። ጫፎቹም ከማጭዱ ይልቅ ዱልዱም ናቸው። አንዳንዴ በጎበጠበት ውስጠኛ ጎን ቀጭን የቀይ ሴል ቅሪት ተለጥፎ ይታያል። ቅርጹን ትታችሁ ውስጡን ከጠየቃችሁ ሁለቱ አይምታቱም።

4. የተሰባበሩ ሴሎች

ሺስቶሳይት የምንለው ስባሪ ከሙሉ ቀይ ሴል ሁልጊዜ ያነሰ ነው። ሦስት ማዕዘን ሊሆን ይችላል፤ አንድ ጎኑ ቀጥ ብሎ የተቆረጠ የራስ ቁር ሊመስል ይችላል፤ ወይም ሁለት ቀንድ ያወጣ ሊሆን ይችላል። መሐሉ ብዙውን ጊዜ አይገረጣም። በጣም ትንሽና ድቡልቡል የሆኑ ሴሎች የሚቆጠሩት ሌሎቹ የስባሪ ቅርጾች አብረው ካሉ ብቻ ነው። ዙሪያውን እኩል እሾህ ያወጣ ሴል ግን ስባሪ አይደለም፤ ደሙ ቱቦ ውስጥ መቆየቱን ነው የሚያሳየው።

ስባሪ እንዴት እንደሚፈጠር ካወቅን ከማን ጋር እንደሚመጣም እናውቃለን። በጥቃቅን የደም ሥሮች ውስጥ ፕላትሌትና ፋይብሪን ሲረጉ ቀይ ሴሉ በመሐላቸው ሲያልፍ ይቆረጣል። ለመርጋቱ ፕላትሌት ስለሚያልቅ ስባሪና የፕላትሌት ማነስ አንድ ላይ ይመጣሉ። ስለዚህ ስባሪ ስትቆጥሩ ዓይናችሁ ፕላትሌቱ ላይም ይሁን፤ ማሽኑ ፕላትሌት አነሰ ካለም መጀመሪያ የላባውን ጫፍ አስታውሱ፤ እዚያ ተሰብስበው ረግተው ከሆነ ማነሱ የውሸት ነው።

ቆጠራው በ1000 ቀይ ሴል ነው። ዓለም አቀፉ የሄማቶሎጂ ደረጃ አውጪ ምክር ቤት ያስቀመጠው መነሻ 1 በመቶ ነው፦ በአዋቂ ሰው ከ1000 ሴል 10ና ከዚያ በላይ ስባሪ ከሆነ የጥቃቅን የደም ሥሮች መርጋት በጽኑ ይጠረጠራል። ግን ይህ ቁጥር ቅድመ ሁኔታ አለው፤ ብዙዎችም የሚዘነጉት እሱን ነው። ዋናው የቅርጽ ችግር ስባሪው ራሱ መሆን አለበት። የብረት እጥረት፣ ታላሴሚያ፣ የቫይታሚን ቢ12 እጥረትም ሆነ የማጭድ ሴል በሽታ የራሳቸውን ስባሪ ያመጣሉ፤ እነሱ ባሉበት 1 በመቶ ብቻውን ውሳኔ አያሰጥም። በሌላ በኩል ሌሎቹ ሴሎች ሁሉ ደህና ሆነው ስባሪና የፕላትሌት ማነስ ብቻ ከታየ ወረቀቱ እስኪደርስ አትጠብቁ፤ ስልክ አንስታችሁ ለሐኪሙ ንገሩ። እንዲህ ያለ መርጋት ከሚያመጡት አንዱ፣ ቲቲፒ የሚባለው በሽታ፣ በሰዓታት ሊገድል ይችላል።

5. የወባ ፓራሳይት

ወባ መኖሩን ለማወቅ ወፍራሙ ፊልም ይሻላል፤ በአንድ ፊልድ ውስጥ ብዙ እጥፍ ደም ያሳያልና። "አልታየም" ለማለት ቢያንስ 100 ፊልድ በ100 ኦብጀክቲቭ ይነበባል። ነገር ግን ወፍራሙ ፊልም ላይ ቀይ ሴሎቹ ስለሚፈርሱ ማጭድም ስባሪም አይታይበትም። የወባውን ዓይነት ለመለየትም ሆነ ሴሉን ለማየት ወደ ቀጭኑ መመለስ ግድ ነው።

ቀጭኑ ላይ የፋልሲፓረም ቀለበት ስስ ነው፤ ከሴሉ ስፋት ሲሶ አይሞላም፤ አንዳንዴ ሁለት ቀይ ነጥብ አለው፤ በሴሉ ጠርዝ ላይ ተለጥፎም ሊገኝ ይችላል፤ በአንድ ሴል ውስጥ ሁለትና ሦስት መሆኑም የተለመደ ነው። ሴሉ አያብጥም። ቫይቫክስ የያዘው ሴል ግን ከጎረቤቶቹ ይተልቃል፤ በሹፍነር ነጠብጣብ ይሞላል፤ ፓራሳይቱም ቅርጽ የለሽ ሆኖ ይዘረጋል።

ቀለበት ለማለት ሁለት ቀለም ፈልጉ፦ ቀይ ነጥብና ሰማያዊ ክብ። ሁለቱም ከሴሉ ጋር በአንድ ፎከስ ላይ መታየት አለባቸው። ሴል ላይ ያረፈች ፕላትሌት ሐምራዊ ጥራጥሬ ናት፤ ሰማያዊ ክብ የላትም፤ በዙሪያዋም ነጣ ያለ ቀለበት ይታያል። ብትጠራጠሩ እዚያው ፊልድ ውስጥ ከሴል ውጭ ካለች ፕላትሌት ጋር አስተያዩዋት። የሃዌል ጆሊ ቅሪት ደግሞ ድቡልቡል፣ ጥቁር ሐምራዊና ለስላሳ ነጥብ ነው፤ ሰማያዊ የሚባል ነገር የለውም። የቀለም ዝቃጭ ከሴሎቹ ውጭም ስለሚገኝና ፎከሱ ከፍ ሲል ስለሚጠራ ይታወቃል።

6. አንድ ስላይድ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ

የዘጠኝ ዓመት ልጅ ናት እንበል፤ ሦስት ቀን ትኩሳት፣ የአጥንት ሕመም፣ ቢጫ የሆነ ዓይን። ማሽኑ ሄሞግሎቢን 6.2 ግራም በዴሲ ሊትር፣ ቀይ ሴል 2.2 ሚሊዮን፣ ነጭ ሴል 24,000፣ ፕላትሌት 110,000 በማይክሮ ሊትር ብሏል።

በ10 ስንቃኝ የላባው ጫፍ ላይ የረጋ ፕላትሌት የለም፤ ስለዚህ 110,000ውን እናምነዋለን። በ100 ስንገባ በየፊልዱ ሁለት ሦስት ማጭድ አለ፤ አቅጣጫቸው የተለያየ ነው። ታርጌት ሴሎችና ኒውክሊየስ ያላቸው ቀይ ሴሎችም አሉ። 100 ነጭ ሴል ስንቆጥር 20 ኒውክሊየስ ያላቸው ቀይ ሴሎች አገኘን። ማሽኑ እነዚህን እንደ ነጭ ሴል ቆጥሯቸው ከሆነ ትክክለኛው ቁጥር 24,000 በ100 ተባዝቶ ለ120 ተካፍሎ 20,000 ይሆናል።

ቀጥሎ 1000 ቀይ ሴል ቆጠርን። በ23ቱ ላይ ሐምራዊ ወይም ቀይ ነገር ይታያል። እዚህ ላይ መቸኮል አያስፈልግም፤ እያንዳንዱን ሰማያዊ ክብ አለው ወይ ብለን እንጠይቃለን። ስድስቱ ሰማያዊ የሌላቸው ለስላሳ ነጥቦች ናቸው፦ ሃዌል ጆሊ። ሁለቱ ዙሪያቸው የነጣ ጥራጥሬዎች ናቸው፦ ፕላትሌት። የቀሩት 15 ስስ ቀለበት የያዙ፣ ያላበጡ ሴሎች ናቸው፤ ከእነሱም ሦስቱ ሁለት ሁለት ቀለበት አላቸው። ሁለት ቀለበት የያዘ ሴል የሚቆጠረው አንድ ተብሎ ስለሆነ ውጤቱ 1.5 በመቶ ነው፤ በማይክሮ ሊትር 33,000 ያህል ማለት ነው። ሳንለይ ብንቆጥር ኖሮ 2.3 በመቶ ብለን እንጽፍ ነበር። ነገ ሕክምናው ሲሠራ ቀለበቶቹ ይጠፋሉ፤ የሃዌል ጆሊው ነጥብ ግን ይቆያል፤ ያን ጊዜ መድኃኒቱ ሳይሠራ የቀረ ይመስላል።

በቆጠራው መሐል አንድ "ማጭድ" ሰማያዊ ሆኖ አገኘነው። ውስጡ ቡናማ ቅንጣት አለ። ጋሜቶሳይት ነው፤ የፋልሲፓረምን ማንነት ያጸናልናል፣ መቶኛው ውስጥ ግን አይገባም።

ስባሪዎቹ ከ1000 ሴል 12 ሆኑ። 1.2 በመቶ ነው፤ ፕላትሌቱም ዝቅ ብሏል። ቁጥሩን ብቻ የሚያይ ሰው የጥቃቅን ደም ሥሮች መርጋት ሊል ይችላል። ግን የስላይዱ ዋና ችግር ማጭዱ ነው፤ ስባሪው ከማጭድ ሴል መሰበር ሊመጣ ይችላል፤ ፕላትሌትን ደግሞ ወባ ራሱ ያወርዳል። እኔ እዚህ ላይ "ስባሪ ሴሎች ታይተዋል" ብዬ ቁጥሩን እጽፋለሁ፣ በሽታ ግን አልሰይምም። በሩንም አልዘጋም፤ በነገው ስሚር ስባሪው ከጨመረና ፕላትሌቱ በፍጥነት ከወረደ ሐሳቤን እቀይራለሁ።

ወረቀቱ ላይ የሚሰፍረው እንዲህ ነው፦ "ፕላዝሞዲየም ፋልሲፓረም፣ ቀለበትና ጋሜቶሳይት፤ 1.5 በመቶ ቀይ ሴል ተይዟል። ማጭድ ሴሎች፣ ታርጌት ሴሎችና የሃዌል ጆሊ ቅሪቶች ታይተዋል፤ በሄሞግሎቢን ኤሌክትሮፎረሲስ ይረጋገጥ። ስባሪ ሴሎች 1.2 በመቶ፣ ከማጭድ ሴሎች ጋር፤ ስሚሩ ነገ ይደገም። ነጭ ሴል ተስተካክሎ 20,000።" ልጅቷ ደሟ ያነሰ፣ ጣፊያዋም ያልሠራ ስለሆነች ውጤቱ በስልክ ይነገራል፤ የተነገረበት ሰዓትና የተቀበለው ሰው ስም ይመዘገባል። ዘይቱ ሳይፋቅ በለስላሳ ወረቀት ይመጠጥና ስላይዱ ይቀመጣል፤ የነገው ስሚር ሲመጣ ከዚህኛው ጎን ሆኖ እንዲነበብ።